በጥር ብቻ ለምናቀርበው ብርዝ በካርድ ላይ አንድ መስመር አለኝ። ምን ልጻፍ?

ፒያሳ_ጥግ · ታኅሣሥ 9

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ትንሽ ካፌ ውስጥ ነው የምሠራው። ሜኑ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ከጥር 1 እስከ ቃና ዘገሊላ ድረስ ብርዝ ልናቀርብ ነው። ማሩ ተገዝቷል። 30 ኪሎ ነው፤ ሌላ አንገዛም። ሲያልቅ አለቀ።

ዋናው ሜኑ ላሚኔት ሆኖ ያለቀ ስለሆነ አይነካም። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ትንሽ ካርድ ነው የምናስቆመው። ባለቤቱ «ስሙን በትልቁ፣ ከሥሩ አንድ መስመር። ከዚያ በላይ ማንም አያነብም» ብሎኛል። እኔ የጻፍኩት ይሄ ነው፦

የፋሲል ንጉሣዊ የማር ኮክቴል
*ነገሥታት ይጠጡት የነበረ፣ ልዩና ባህላዊ የጥምቀት ጣፋጭ መጠጥ*

ባለቤቱ ወዶታል። እኔ ግን የሆነ ነገር ደስ አላለኝም። ምኑ እንደሆነ አላወቅኩም። እስቲ በሉኝ።

---

አራዳው_ልጅ · ታኅሣሥ 9

ጎንደር ውስጥ ፋሲል ያልተባለ ምን ቀረ? ሆቴሉ ፋሲል፣ ባጃጁ ፋሲል፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ፋሲል። አሁን ደግሞ ብርዙ ፋሲል ሊሆን ነው። በናትሽ ተዪው።

---

ሳሮን_ዲዛይን · ታኅሣሥ 9

ካርድ ነው የምሠራው፤ ስለ ቃላቱ ሌሎች ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ ቦታው ልንገርሽ። ትንሹ ካርድ ኤ6 ከሆነ ጎኑ 10 ሴንቲ ተኩል ነው። ጠርዙን ስትቀንሺ ወደ 9 ሴንቲ ይቀርሻል። የእኛ ፊደል ሰፊ ነው። ስሙ ከሩቅ እንዲታይ ትልቅ ማድረግ አለብሽ። መግለጫው በ11 ነጥብ ከተጻፈ ክፍት ቦታውን ጨምሮ ወደ 32 ፊደል ያስገባል። አንቺ የጻፍሽው ከዚያ በደንብ ያልፋል። ወይ ሁለት መስመር ይሆናል፣ ወይ ፊደሉ ያንሳል። ፊደሉ ካነሰ ደግሞ ማታ በዚያ ደብዛዛ መብራት ማንም አያነበውም።

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 9

ልጄ፣ ባሕር ዳርም ጎንደርም ሆቴል ቤት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ሜኑ ስጽፍ መጀመሪያ የማየው እንግዳው ካርዱን ካነበበ በኋላ አስተናጋጁን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ነው። ያንቺን ካርድ ያነበበ ሰው «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ደግሞ «ብርዝ ነው» ብሎ ይመልሳል። አየሽ፣ ካርዱ ላይ መጻፍ የነበረበት ልጁ የመለሰው ነው። ብርዝ እኮ ስም አለው። ሁሉም ያውቀዋል። ኮክቴል ስትዪው ግማሹ ሰው አልኮል አለው ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላው አልኮል አለው ብሎ ያዝዘዋል። ሁለቱም ይቀየሙሻል።

«ነገሥታት ይጠጡት የነበረ» የሚለውን ደግሞ አውጪው። ማነው ያየው? ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ጠዋት ግቢውን ከአስጎብኚ ጋር ዞሮ ነው አንቺ ጋ የሚቀመጠው። «የትኛው ንጉሥ?» ቢልሽ መልስ አለሽ?

እስቲ ልጠይቅሽ። ማሩ ከየት ነው? ስንት ሰዓት ነው የምትበርዙት? ከተበረዘ በኋላ ስንት ጊዜ ይቀመጣል? በምን ይቀርባል? እነዚህን ስትመልሺ መስመሩ ራሱ ይወጣል።

---

ፒያሳ_ጥግ · ታኅሣሥ 9

እሺ እትዬ። ማሩ ከደምቢያ ነው፣ ኅዳር ላይ የተቆረጠ። ውሃው ፈልቶ ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ማሩ ይበረዝበታል፣ ይጠለላል። ለ1 ኪሎ ማር 5 ሊትር ውሃ ነው። ቀድሞ የሞከርነው ጠዋት ተበርዞ ፍሪጅ ገብቶ እስከሚያልቅ ነው። የተረፈው ለነገ ይቆያል። የሚቀርበው በብርሌ ነው፣ ለፎቶ ያምራል ብለን።

---

ጠጅ_ጣይ_ነኝ · ታኅሣሥ 10

ጌሾ ስንት ልጨምር ካልሽ፣ መጀመሪያ ቅጠሉን ሳይሆን እንጨቱን ነው የምትጠቀሚው። ቀቅለሽው ከማሩ ጋር ታዋህጂና ጋኑን በደንብ አጥነሽ...

---

አራዳው_ልጅ · ታኅሣሥ 10

ወንድሜ ጠጅ አይደለም፣ ብርዝ ነው። የጠየቀችው ካርድ ላይ ምን ይጻፍ ነው።

---

ጠጅ_ጣይ_ነኝ · ታኅሣሥ 10

ብርዝም ቢሆን ጠጅ ሊሆን መንገድ ላይ ያለ ነው እንግዲህ 😄

---

አዘዞ_በር · ታኅሣሥ 10

ቀላል ነገር ነው። «ከአልኮል ነጻ» ብለሽ ጻፊ፣ አለቀ። ብርዝ ጌሾ የለውም። ጌሾ ከሌለ አልኮል የለም። እንደዚያ ብትጽፊ ሙስሊሙም ሹፌሩም ልጅ የያዘውም ሰው ሳይጠይቅ ያዝዛል።

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 10

@አዘዞ_በር ሐሳብህ ግማሹ ልክ ነው። እንግዳው ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ግን ጌሾ ስለሌለ አልኮል የለም የሚለው ልክ አይደለም። ጌሾው ምሬቱን ያመጣል፣ መፍላቱንም ይረዳል። ማሩ ውሃ ካገኘ ግን ያለ ጌሾም ይፈላል። ማር በቅሉ ወይም በጣሳው እንዳለ ዓመት ቢቀመጥ አይፈላም፣ ውሃው አነስተኛ ስለሆነ። በአምስት እጥፍ ውሃ ስትበርዘው ግን በማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ይነቃል።

ለዚህ ነው ስንት ጊዜ ይቀመጣል ያልኩት። ጥር ላይ ጎንደር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ደግሞ ፀሐዩ ይከርራል። ጠዋት የበረዝሽው ማታም ያው ብርዝ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ግን ክዳኑን ስትከፍቺ ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ታያለሽ። ጣዕሙ መጀመሪያ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ጣፋጭነቱ ይቀንሳል። በሦስተኛው ቀን ሽታው ራሱ ይነግርሻል። ፍሪጅ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ስለዚህ «ከአልኮል ነጻ» ብለሽ ካርድ ላይ ካተምሽ ያ ቃል ለመጀመሪያው ቀን እውነት ነው፣ ለተረፈው ግን ዋስትና የለሽም። ካርዱ ደግሞ ቀን አይለይም። ማታ የመጣው ሰው የትናንቱን ሊጠጣ ይችላል።

---

አዘዞ_በር · ታኅሣሥ 10

ታዲያ ምን ይጻፍ? ዝም ይባል?

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 10

አይ፣ ዝም አይባልም። በእጅሽ ያለውን ነገር ጻፊ። «ጠዋት የተበረዘ» በዪ። ይሄንን አንቺ ታደርጊዋለሽ፣ እንግዳውም ይገባዋል። ጎንደር ውስጥ ጠዋት የተበረዘ ብርዝ እንደማያሰክር የማያውቅ ማነው? ለማያውቀው አስተናጋጁ ይንገረው። ግን ከጻፍሽው በኋላ የትናንቱን መሸጥ የለም። የተረፈውን ለባለቤቱ ስጪውና ጌሾ ጨምሮ ጠጅ ይጣልበት። @ጠጅ_ጣይ_ነኝ ያን ጊዜ ይምጣ።

---

ኑሪያ_ጎንደር · ታኅሣሥ 10

እኔ ሙስሊም ነኝ። አስተያየቴን ልጨምር። ቤታችን በበዓል ብርዝም ቃሪቦም ይጠጣል። ስለዚህ ብርዝ ካየሁ ደስ ይለኛል። ግን በብርሌ ቢመጣልኝ አልነካውም። ካርዱ ምንም ቢል። ብርሌ ስታዪ ጠጅ ነው ትዝ የሚልሽ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውም ጠጅ ስጠጣ ያየኝ ይመስለዋል። ለፎቶ ብላችሁ እኛን አታስቀሩ። በብርጭቆ አድርጉት።

---

ፒያሳ_ጥግ · ታኅሣሥ 10

ይሄንን በፍጹም አላሰብነውም። ለባለቤቱ ነገርኩት፣ ተስማምቷል። በብርጭቆ ይሆናል፣ ሩብ ሊትር።

---

አስተናጋጁ_ነኝ · ታኅሣሥ 11

ሌላ ቤት ነው የምሠራው ግን ልናገር። ለበዓል የሚቀርብ መጠጥ ሲኖር ሰው የሚጠይቀኝ ሁሌ አንድ ነው። ያሰክራል ወይ፣ ቀዝቃዛ ነው ወይ፣ ስንት ነው። «ባህላዊ ነው ወይ?» ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። ጎንደር መሃል ተቀምጦ ባህላዊ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማነው? «ልዩ ነው ወይ?» የሚልም የለም። ታዲያ ማንም ለማይጠይቀው ነገር ለምን ያን ቦታ ታባክኛለሽ?

ሌላው፣ የረዘመ ስም ስታወጪ እንግዳው አፉ አይዘውም። በጣቱ ካርዱን ያሳየኛል። ሁለት ዓይነት ነገር ካለ ደግሞ እሳሳታለሁ። ስሙን በሁለት ቃል አድርጊው። ከሰዓት ሥራ ሲበዛ ወደ ጓዳ ስጮኽ «ሦስት ንጉሣዊ የማር ኮክቴል!» ማለት ያሳፍራል።

---

አራዳው_ልጅ · ታኅሣሥ 11

😂😂 «ሦስት ነገሥታት!» በል በቃ።

---

ደምቢያ_ማር · ታኅሣሥ 11

ማር ነጋዴ ነኝ። የማሩን ነገር እኔ ልናገር። አንዳንድ ቤቶች «የአደይ ማር» ብለው ይጽፋሉ። በኅዳር የሚቆረጠው የኛ ማር አብዛኛው ቢጫ ነው፣ ምክንያቱም ንቡ ከመስከረም ጀምሮ አደይ ላይም ኑግ ላይም ይሠራል። ሁለቱም በአንድ ወቅት ነው የሚያብቡት። ደምቢያ ደግሞ ኑግ ብዙ ነው። ንቡ አይለይም። ስለዚህ ከአደይ ብቻ ነው ብሎ መጻፍ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ነገር ነው። ገበሬውም አያውቅም።

«ንጹህ ማር» ደግሞ በጭራሽ አትጻፊ። ንጹህ ብለሽ ስትጽፊ ሰው ቆሻሻም አለ ወይ ብሎ ያስባል። ስኳር ገብቶበት ይሆን እንዴ ብሎ ያስባል። ማሩን ከማን እንደገዛሽ ካወቅሽ ይበቃሻል።

እኔ ብሆን «የመስከረም አበባ ማር» እላለሁ። አደዩም ኑጉም ይገባበታል። እውነት ነው። ሰውም ወቅቱን ይረዳል።

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 11

ወርቅ ነው ይሄ። እንግዳው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ያገኛል። አዲስ ማር መሆኑን፣ እና ለምን ዓመቱን ሙሉ እንደማይቀርብ። «ለተወሰነ ጊዜ» ብለሽ መጻፍ አያስፈልግሽም። መስከረም የሚለው ራሱ ይናገራል።

---

ፒያሳ_ጥግ · ታኅሣሥ 11

እስካሁን ያለኝ ይሄ ነው፦

የጥምቀት ብርዝ
*የመስከረም አበባ ማር፣ ጠዋት የተበረዘ፣ ቀዝቃዛ*

@ሳሮን_ዲዛይን ይበቃል?

---

ሳሮን_ዲዛይን · ታኅሣሥ 11

ቆጠርኩት። ክፍት ቦታውንና ነጠላ ሰረዙን ጨምሮ 30 ነው። በ11 ነጥብ ልክ ይገባል። ዋጋውን በቀኝ በኩል ከስሙ ጋር አስቀምጪው፣ ከመግለጫው ጋር አታጋጪው። ዋጋው ሊለወጥ ይችላል ካልሽ ቦታውን ባዶ ትቼ ላትምልሽና በትንሽ ስቲከር ትለጥፊዋለሽ። ካርዱን ከመድገም ይሻላል።

---

ቆላ_ድባ · ታኅሣሥ 12

ስሙ ላይ ቅሬታ አለኝ። ጥምቀት የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው። ታቦት ወጥቶ የሚያድርበት፣ ጸበል የሚረጭበት። የመጠጥ ስም ላይ መለጠፍ ደስ አይልም። ደግሞ ጥር 10 ገሃድ ነው፣ የሚጾም ብዙ ሰው አለ። በጾም ቀን «የጥምቀት ብርዝ» ብሎ ማቅረብ ጥሩ አይመስለኝም።

---

አራዳው_ልጅ · ታኅሣሥ 12

ኧረ ሁሉም ሰው የጥምቀት ልብስ፣ የጥምቀት ቅናሽ ይላል እኮ። ብርዝ ሲሆን ምን ችግር አለው?

---

ቆላ_ድባ · ታኅሣሥ 12

እነሱም ሲሉ ደስ አይለኝም። የሌላው ማድረግ የኔን ሐሳብ አይለውጠውም።

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 12

ክርክሩን እናንተ ጨርሱት፣ እኔ ግን ሌላ ምክንያት አለኝ። ስሙ ላይ ጥምቀት ካልሽ ጥር 3 ላይ ያነበበው ሰው «ገና ነው፣ ያን ጊዜ እጠጣለሁ» ይላል። ከጥር 12 በኋላ ደግሞ ስሙ ያረጃል። ማሩ ቢተርፍ በምን ስም ትሸጪዋለሽ? «የጥር ብርዝ» በይው። ወሩን ሙሉ ይሠራል። ጥር 1 ላይ ነው የምትጀምሪው፣ ደግሞም ሰው ጥር ሲባል ጥምቀትን ራሱ ያስባል።

---

ፒያሳ_ጥግ · ታኅሣሥ 12

«የጥር ብርዝ»። አጭር ነው። ወደድኩት። @ቆላ_ድባ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ።

አሁን የቀረኝ የቀኑ ነገር ነው። «እስከ ጥር 12» ልበል ወይስ «ማሩ እስኪያልቅ»? ባለቤቱ ሁለተኛውን ይፈልጋል።

---

አስተናጋጁ_ነኝ · ታኅሣሥ 12

«እስኪያልቅ» ሰው አያምነውም። የሸቀጥ መደብር ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። ቀን ስትጽፊ ግን ሰው ያስታውሳል፣ ጓደኛውን ይዞ ይመለሳል።

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 12

መጀመሪያ እስቲ እንቁጠረው። 1 ኪሎ ማር ወደ 7 ዴሲ ሊትር ነው፣ ከ5 ሊትር ውሃ ጋር ስታዋህጂው ወደ 5 ሊትር ከ7 ዴሲ ይሆናል። በሩብ ሊትር ብርጭቆ ስትቀጂ፣ በማጥለያው የሚቀረውን ትንሽ ቀንሰሽ፣ ከ1 ኪሎ ወደ 22 ብርጭቆ ታገኛለሽ። 30 ኪሎው እንግዲህ ወደ 660 ብርጭቆ ነው።

አሁን ቀኖቹን እዪ። ጥር 10፣ 11 እና 12 ፒያሳ ሰው በሰው ላይ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀኖች በቀን 150 ብርጭቆ ቢሄድ 450 ነው። ለቀሩት ዘጠኝ ቀኖች 210 ይቀርሻል፣ በቀን 23 አካባቢ። ከጥር 1 ጀምሮ ያለ ገደብ ከሸጥሽ እና ሰው ከወደደው፣ ጥር 11 ላይ ማር ሊያልቅብሽ ይችላል። ካርዱ ደግሞ «እስከ ጥር 12» እያለ ጠረጴዛው ላይ ይቆማል። ጥር 12 ሚካኤልን ሸኝቶ የመጣ እንግዳ ምን ይልሻል?

ስለዚህ ቀን መጻፍ ከፈለግሽ ለዕለቱ መጠን አውጪ። በሥራ ቀን 1 ኪሎ ብቻ ይበረዝ። ያ ሲያልቅ «ዛሬ አልቋል፣ ነገ ጠዋት ኑ» በሉ። ይህን ካደረግሽ «ጠዋት የተበረዘ» የሚለውም ይጠበቃል፣ የሚተርፍም አይኖርም።

---

አዘዞ_በር · ታኅሣሥ 12

ግን እትዬ፣ «ዛሬ አልቋል» ማለት ሰው ያባርራል። ሰው ሊጠጣ መጥቶ የለም ማለት ጥሩ ነው?

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 12

ጥሩ ጠጅ ቤትም ክትፎ ቤትም ሲያልቅ አልቋል ይላል። ሰው በማግስቱ ቀደም ብሎ ይመጣል። ያስከፋው አለቀ መባሉ ሳይሆን ካርዱ አለ እያለ የለም መባሉ ነው።

---

ሳሮን_ዲዛይን · ታኅሣሥ 12

እኔ «እስኪያልቅ» ነው የምለው፣ በኅትመት ምክንያት። ቀን ያለበት ካርድ ከጥር 12 በኋላ ቆሻሻ ነው። ያለ ቀን ከሆነ ለሚመጣው ዓመትም ያገለግላል። ባለቤትሽ ይህን ሳይወድ አይቀርም። ደግሞ ቀኑን ከጨመርሽ 32ን ታልፊያለሽ። ከካርዱ ታች ጥግ ላይ በትንሹ መጻፍ ይቻላል፣ ግን ያኔ ሁለት መስመር ሆነ።

---

ነርስ_ጎንደር · ታኅሣሥ 13

ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ። ጥምቀት ላይ ሰው ሕፃን ይዞ ይመጣል። ብርዝ አያሰክርም ሲባል ለሕፃኑም ይቀምስ ይባላል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፣ ተበርዞም ቢሆን። ካርድ ላይ ጻፉ አልልም። አስተናጋጆቻችሁ ግን ይወቁት።

---

ፒያሳ_ጥግ · ታኅሣሥ 13

ለሁሉም እነግራቸዋለሁ። አመሰግናለሁ።

---

ፍልሰታ_ምሳ · ታኅሣሥ 13

ክሩን ስላገኘሁት ደስ አለኝ። እኔ ለሚመጣው ፍልሰታ ነው የማስበው። ምሳ ቤት አለኝ፣ ሱፍ ፍትፍት አቀርባለሁ። ባለፈው የጻፍኩት «ጤናማና ገንቢ የጾም ሱፍ ፍትፍት በባለሙያ የተዘጋጀ» ነበር። ማንም አላዘዘም ማለት አይደለም፣ ግን ሁሉም «ሚጥሚጣ አለው?» «ቀዝቃዛ ነው?» ይላል።

---

አስተናጋጁ_ነኝ · ታኅሣሥ 13

መልሱን ራስህ ጻፍከው። ሰው የሚጠይቀውን ነገር ጻፍበት።

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 13

@ፍልሰታ_ምሳ ፍልሰታ ላይ የጾም መሆኑን መጻፍ አያስፈልግህም። ቤትህ የገባው ሰው በዚያ ሰሞን ሌላ አይጠብቅም። «በባለሙያ» የሚለውንም ተው፤ ታዲያ በማን ይሠራ? «ሱፍ ፍትፍት» ስሙ ነው። ከሥሩ «የተቆላ ሱፍ፣ በቃሪያ፣ ቀዝቃዛ» ብትል ይበቃል። ቃሪያውን የማይፈልግ ይነግርሃል። ሱፉን ራስህ ቆልተህ የምትፈጭ ከሆነ እሱን ጻፈው፣ ከገበያ የተፈጨ የምትገዛ ከሆነ ግን አትጻፈው።

---

ፍልሰታ_ምሳ · ታኅሣሥ 13

ራሴ ነው የማስፈጨው። እሺ እትዬ።

---

ፒያሳ_ጥግ · ታኅሣሥ 15

ባለቤቱና እኔ ተነጋገርን። እሱ ስለ ማተሚያው ወጪ ሲሰማ ወዲያው ያለ ቀን ይሁን አለ። የዕለቱን መጠን ግን ተቀብሏል። የሚታተመው ይሄ ነው፦

የጥር ብርዝ
*የመስከረም አበባ ማር፣ ጠዋት የተበረዘ፣ ቀዝቃዛ*

ቀኑን በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እንጽፈዋለን። እትዬ ይሄ እንዴት ነው?

---

የጓዳ_ሴት · ታኅሣሥ 15

ጥሩ ነው። ሰሌዳው ላይ «ዛሬ አለ» ወይም «ዛሬ አልቋል» የሚለውንም ጻፉ። ካርዱን ደግሞ ሲያልቅ ከጠረጴዛ አንሱት፣ ማታ እንግዳ ሳያነበው።

---

አስተናጋጁ_ነኝ · ታኅሣሥ 15

እኔ አሁንም ቀኑ ካርዱ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር እላለሁ። ሰሌዳ በር ላይ ነው፣ ሰው ደግሞ የሚወስነው ተቀምጦ ነው። ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

---

ፒያሳ_ጥግ · ጥር 4

ጀምረናል። የጠዋቱ አንድ ኪሎ ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ያልቃል። «ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የአገር ሰው የለም። ያሰክራል ወይ የሚለው ግን አሁንም አለ፣ በተለይ ከውጭ ከሚመጡት። ልጆቹ ይመልሱላቸዋል።

ያላሰብነው አንድ ነገር መጣ። ጠዋት ከቅዳሴ የሚመጡ አዛውንቶች «ቀዝቃዛ» የሚለውን አንብበው ይተዉታል። ጥር ጠዋት ይበርዳል። «ለብ ያለ የለም ወይ?» ይላሉ። አለ እኮ! ጠዋት ስንበርዘው ለብ ያለ ነው። ፍሪጅ የሚገባው በኋላ ነው። «ቀዝቃዛ» የሚለውን አውጥቼ «ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ» ልበል?

---

አራዳው_ልጅ · ጥር 4

32 ፊደል! 32 ፊደል!

---

የጓዳ_ሴት · ጥር 4

«ቀዝቃዛ» የሚለውን ሙሉ በሙሉ አውጪው። ቀን ላይ የመጣው ሰው ቀዝቃዛ እንደሆነ ብርጭቆውን ሲያይ ያውቃል። ጠዋት የመጡትን ልጁ ሲቀበላቸው «ለብ ያለ ብርዝ አለ» ይበላቸው። ያ ከካርድ ይበልጣል።

---

አስተናጋጁ_ነኝ · ጥር 4

ከሰዓት የመጣው ሰው ግን ቀዝቃዛ ነው ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም እትዬ። አስቀድሜ ብያለሁ። ሁለት ዓይነት ካርድ ይሁን፣ የጠዋትና የከሰዓት።

---

ሳሮን_ዲዛይን · ጥር 4

ሁለት ዓይነት ካርድ ካላችሁ ዋጋው ሁለት ነው። እና እባካችሁ በእስክሪብቶ እንዳትሰርዙት፣ ላሚኔት ስለሆነ ይለቃል። ከፈለጋችሁ ነጭ ስቲከር አለኝ፣ ነገ ፒያሳ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ።

---

ፒያሳ_ጥግ · ጥር 4

ይዘሽልኝ ነይ። ብርዙ በእኔ ነው። ከአሥር ሰዓት በፊት ድረሺ።